ከደመወዝ የተረፈው ስንት ነው? የአንድ ቤት የጥቅምት ወጪ በዘርፍ ሲደመር

ከደመወዝ ላይ ወጪ ሲቀነስ ቀሪው ይገኛል። ሂሳቡ ይኸው ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅም ይሠራዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወጪውን በየዘርፉ ጽፎ የደመረ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ቀሪና ኪሱ ውስጥ ያለው ብር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አንዱን ወር ቤቱ የከሰረ ይመስላል፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ ብር የተረፈው። ሁለቱም ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለማየት አንድ ቤት ይዘን እስከ መጨረሻው እንደምር።

ቤቱ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። የእናንተ ቤት ዋጋ ሌላ ይሆናል፣ አደማመሩ ግን ያው ነው።

መነሻው እጅ የገባው ብር ነው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ደመወዝ እርሱት። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ ባንክ የገባው ነው የሚቆጠረው። የእነዚህ ባልና ሚስት ሲደመር 24,000 ብር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ በመስከረም መጨረሻ የገባው ደመወዝ የሚበላው በጥቅምት ነው። ስለዚህ የጥቅምትን ወጪ የምናስተያየው በመስከረም መጨረሻ ከገባው ብር ጋር ነው። የጥቅምት ደመወዝ በ26 ወይም በ27 ቢገባ እንኳ ለኅዳር ይቀመጥ፤ ከተቀላቀለ ሂሳቡ ያኔውኑ ተበላሸ።

ዘርፍ ስናወጣ ብዙ ሰው የሚሠራው “ምግብ” ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ መክተት ነው። እኔ እንደዚያ አላደርግም። ለወር ሂሳብ የሚጠቅመው ዘርፍ ወጪው የሚመላለስበትን ጊዜ የሚከተል ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት፣ ስኳር በየሳምንቱ ይገዛሉ፤ አስቤዛ እንበላቸው። ጤፍ ግን በኩንታል ተገዝቶ ወራት ይቆያል። ሁለቱም ሆድ ውስጥ ቢገቡም በአንድ ዘርፍ ከተደመሩ፣ የአስቤዛው ወጪ ጨምሮ እንደሆነ ወይም ጤፍ የተገዛበት ወር ሆኖ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የጥቅምት ወጪያቸው እንዲህ ነው። ኪራይ 4,500፣ አስቤዛ 5,240፣ ከሰል አንድ ማዳበሪያ 900፣ መብራትና ውሃ 620፣ ስልክ 700፣ ትራንስፖርት 1,300 (አብዛኛው ባጃጅ ነው)፣ የልጆቹ ትምህርት 1,800፣ ሕክምና 450፣ እድርና ለቅሶ 750፣ ሌላ 640። ይህ ሁሉ ሲደመር 16,900 ብር ይመጣል። በዚያ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ከነወፍጮው 14,400። እቁብ ደግሞ 2,000።

ይህን በደብተር መሥራት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ዘርፍ አንድ ገጽ ይበቃል። ስልክ ላይ ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ካለ ግን ድካሙ ይቀላል። ወጪ በወጣ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፋል፦ A ላይ ቀን፣ B ላይ ወር፣ C ላይ ዘርፍ፣ D ላይ ብሩ። ከዚያ G ላይ የዘርፎቹን ስም አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ጻፉ፣ ከ G2 እስከ G13። H2 ላይ ይህን አስገቡና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=SUMIFS(D:D,B:B,"ጥቅምት",C:C,G2)
```

ትርጉሙ “ወሩ ጥቅምት፣ ዘርፉ G2 ላይ የተጻፈው የሆነውን ብር ሁሉ ደምር” ነው። ወሩን በቃል ያስጻፍኳችሁ በምክንያት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። 5/2/2018 ብላችሁ ብትጽፉ የእኛን ጥቅምት 5 ሳይሆን የዛሬ ስንት ዓመቱን የፈረንጅ ቀን ነው የሚረዱት።

እዚህ ላይ የእኛው ፊደል አንድ ወጥመድ አለው። ለእኛ ህክምና እና ሕክምና አንድ ናቸው። ለፎርሙላው ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እቁብና ዕቁብም እንደዚያው። በጥቅምት ባልየው 200 ብር “ህክምና” ብሎ ጻፈ፣ ሚስቱ ደግሞ 250 ብር “ሕክምና” ብላ ጻፈች እንበል። G ላይ ያለው “ሕክምና” ከሆነ ፎርሙላው 250 ብቻ ይደምራል። የባልየው 200 ብር ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል። ስህተት የሚል ቀይ ምልክት አይወጣም፣ ምንም። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ የተነካች አንዲት ባዶ ቦታም ይህንኑ ታደርጋለች።

የሚታወቀው በዘርፍ ሳይከፈል የተደመረው ብር በየዘርፉ ከተደመረው ጋር ሲተያይ ነው፦

```
=SUMIFS(D:D,B:B,"ጥቅምት")-SUM(H2:H13)
```

መልሱ 0 መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ ጠቅላላው 33,300፣ የዘርፎቹ ድምር 33,100 ይሆንና 200 ይመጣል። ቤት አጥታ የቀረች የ200 ብር መስመር አለች ማለት ነው። ፈልጎ ለማግኘት F2 ላይ ይህን ጽፋችሁ ወደ ታች ጎትቱ፤ 0 የሚያወጣው መስመር ጥፋተኛው ነው፦

```
=COUNTIF(G$2:G$13,C2)
```

ከሥሩ ለማድረቅ ግን ዘርፉን በእጅ መጻፍ ትቶ ከዝርዝር መምረጥ ነው። ጎግል ሺትስ ላይ Data validation የሚለው ይህን ይሠራል፤ C ላይ ስትነኩ G ላይ ያሉት ስሞች ተደርድረው ይወጣሉ።

ይህ ማጣሪያ የማይዘው አንድ ነገር አለ። D ላይ “900 ብር” ብላችሁ ከነብሩ ከጻፋችሁ ለፕሮግራሙ ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ከሁለቱም ድምር ይዘለላል፣ ልዩነቱም 0 ሆኖ ያሳያችኋል። ምልክቱ አቀማመጡ ነው፤ ቁጥር ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። D ላይ ወደ ግራ የተጠጋ ካያችሁ “ብር” የሚለውን አጥፉት።

እሺ፣ ድምሩ ተስተካከለ። ወጪው 31,300፣ እቁቡ 2,000፣ በጠቅላላው 33,300 ብር ወጥቷል። ደመወዙ 24,000 ነው። 9,300 ጎደለ። ቤቱ ሊፈርስ ነው?

አይደለም። ጤፉ አንድ ኩንታል ነው፣ ለሦስት ወር ይበላል። ጥቅምት ሲያልቅ ሁለት ሦስተኛው ገና ጆንያ ውስጥ ነው። ብሩ ወጥቷል፣ ጤፉ ግን አልተበላም። ስለዚህ የጥቅምት ድርሻ 14,400 ለ3 ተካፍሎ 4,800 ብር ነው። እንዲህ ሲሆን የወሩ ወጪ 16,900 እና 4,800፣ ማለትም 21,700 ይሆናል። ከ24,000 ሲቀነስ 2,300። እቁቡ 2,000 ሲወጣለት 300 ብር ነፃ ቀሪ አለ።

ከጥቅምት ይልቅ ሰው የሚታለለው በኅዳር ነው። በኅዳር ጤፍ አይገዛም። ወረቀቱ ላይ 16,900 ወጪና 2,000 እቁብ ብቻ ይታያል። 5,100 ብር ተረፈ! ያኔ ነው ስልክ የሚቀየረው፣ ሶፋ የሚታሰበው። ያ 5,100 ብር ግን 4,800ው የጥር ጤፍ ነው። በጥር ጆንያው ሲያልቅ ሰውየው ብድር ይጠይቃል፣ “ደመወዙ እኮ አይበቃም” ይላል። ደመወዙ ለጤፉ በቅቶ ነበር፣ በኅዳር ተበላ እንጂ።

የትኛው ቁጥር ልክ እንደሆነ ሦስቱን ወር አያይዞ ማየት ይቻላል። ጥቅምት 1 ጠዋት ደመወዙን ሳይጨምር በእጃቸው 11,000 ብር ነበር፤ ለጤፍ ሲያስቀምጡት የከረሙት። ጥቅምት 9,300 ወሰደና 1,700 ቀረ። ሌላ ነገር ካልተለወጠ ኅዳር 5,100 ይጨምራል፣ ታኅሣሥም 5,100። ታኅሣሥ መጨረሻ 11,900 ይሆናል። በሦስት ወር 900 ብር ጨመረ፣ በወር 300 ማለት ነው። የከሰረ የመሰለው ጥቅምትም፣ የተረፈው የመሰለው ኅዳርም ያው 300 ብር ወር ናቸው።

ቡናም እንደዚሁ ነው። ጅማ ተቀምጦ ቡና በሩብ ኪሎ ከሱቅ የሚገዛ ሰው መቼም አለ፣ አልፈርድበትም። በለቀማው ወቅት ከገጠር ዘመድ የዓመቱን አንዴ የሚያስመጣ ቤት ግን ያን ብር ለ12 ያካፍለው። የመስከረም ዩኒፎርምና ደብተርም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ደብተር የወር ሂሳብን የምታደናግር ነገር ናት። ቤቱ አስቤዛ የሚመዘግበው ብር ሲከፍል ነው እንበል። በጥቅምት መጀመሪያ የመስከረምን ዱቤ 500 ብር ከፍለዋል፤ 5,240ው ውስጥ አለ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ 850 ብር ዱቤ ላይ ነው፤ ይህ የትም አልተጻፈም። አንዳንዱ 850ውን በሙሉ ይቀንሳል፤ ያ ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ከተመዘገበው ውስጥ 500ው የመስከረም ፍጆታ ነው። የሚቀነሰው ልዩነቱ ብቻ ነው፣ 350 ብር። በየወሩ መጨረሻ ባለሱቁን “ስንት ደረሰ?” ብሎ ጠይቆ አንድ ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ያ ቁጥር በየወሩ እየጨመረ ከሄደ ቤቱ ከደመወዙ በላይ እየበላ ነው፣ ወረቀቱ ምንም ቢል።

ልዩነቱ 350 ስለሆነ 300 ብር ቀሪያችን ከዜሮ በታች ወረደ፤ 50 ብር ጎደለ።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። ብሩን መቁጠር። ጥቅምት 30 ማታ ባንክ ያለውን፣ ቴሌብር ላይ ያለውን፣ ቦርሳና መሳቢያ ውስጥ ያለውን አንድ ላይ ደምሩ። ቀድሞ የገባ አዲስ ደመወዝ ካለ አውጡለት። ጥቅምት 1 ደመወዙን ጨምሮ 35,000 ነበራቸው። 33,300 ወጥቷል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ 1,700 መገኘት አለበት። ሲቆጠር ግን 970 ብር ብቻ ተገኘ። 730 ብር የለም።

የጠፋ ብር የለም፣ ያልተጻፈ ብር ነው ያለው። ፍለጋው ከባንክ መልእክቶች ይጀመር። እዚያ ላይ ቀኑ በፈረንጅ ነው። ጥቅምት 2018 ማለት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ 2025 ነው። ኦክቶበርን እንዳለ ወስዶ ከጥቅምት ጋር የሚያስተያይ ሰው የመስከረምን 10 ቀን ይጨምራል፣ የመጨረሻዎቹን 9 ቀኖች ይጥላል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ከባንክ ጥሬ ብር ማውጣትን እንደ ወጪ መመዝገብ ነው። 2,000 ብር ከማሽን አውጥታችሁ “ወጪ” ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ከዚያ በዚያው ብር አስቤዛ ገዛችሁና እንደገና ጻፋችሁ። አንዱ ብር ሁለት ጊዜ ወጣ። ከባንክ ወደ ቴሌብር ማዛወርም ያው ነው፤ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ነው። ምልክቱ ግን ይለያል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ካለ የተቆጠረው ብር ወረቀቱ ከሚለው ይበልጣል። ያልተጻፈ ካለ ያንሳል። የኛው አንሷል፣ ስለዚህ የምንፈልገው ያልተጻፈ ነው።

ሲፈተሽ 400 ብሩ ተገኘ፤ ባልየው ለሥራ ባልደረባው አበድሮታል። ይህ ወጪ አይደለም፤ ብሩ ሰው ጋ ነው ያለው። “ብድር የሰጠሁት” ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። (ባልደረባው የማይመልስ ዓይነት ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።) የቀረው 330 ብር የማስተላለፊያ ክፍያ፣ ያልተጻፈ ባጃጅ፣ ለልጅ የተሰጠ ሳንቲም ነው። እሱን እያሳደዱ ማምሸት አያዋጣም፤ “ሌላ” ላይ ይጨመርና 640 የነበረው 970 ይሁን። ጉድለቱም 50 የነበረው 380 ብር ይሆናል። “ሌላ” የሚለው በየወሩ እያበጠ ከመጣ ግን ውስጡ ስሙ ያልወጣለት ዘርፍ አለ። ፈልጋችሁ ስም ስጡት።

አንድ ወጪ ቀርቷል፣ ጥቅምት ላይ የማይታይ። ጳጉሜ። የመንግሥት ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው፤ ሆዳችን ግን 365 ቀን ይበላል። በዚህ ቤት አስቤዛና ጤፍ ሲደመር በወር 10,040 ነው፣ በቀን ወደ 335 ብር። ለጳጉሜ 5 ቀን 1,670 ብር ያህል ይመጣል፤ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛዋ ቀን አለች። ይህ ወጪ የሚመጣው ደግሞ እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ምዝገባ ከሚመጡበት ሳምንት ጋር ነው። 1,670 ለ12 ሲካፈል 140 ብር አካባቢ ነው። እንደ ጤፉ በየወሩ ይያዝ። ደመወዙ በፈረንጅ ወር የሚከፈል መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ይህ አይመለከተውም፤ ጳጉሜ ሴፕቴምበር ውስጥ ናት።

እንግዲህ 380 ጉድለትና 140 ሲደመር 520። የቤቱ የጥቅምት ነፃ ቀሪ ከዜሮ 520 ብር በታች ወርዷል።

ታዲያ ምንም አልተረፋቸውም? ተርፏቸዋል፣ እቁቡ አለ። እቁብ ወጪ አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ የራስ ብር ነው። እድር ግን ወጪ ነው፣ ለዚህ ነው ከለቅሶው ጋር የተጻፈው። ስለዚህ ለጥቅምት ከያዙት ደመወዝ የተረፈው 2,000 ሲቀነስ 520፣ ማለትም 1,480 ብር ነው። “በወር 2,000 እየቆጠብን ነው” ሲሉ የነበሩት 520ውን በዱቤና ለሌላ በተያዘ ብር እየሸፈኑ ነው።

እጣው የወጣ ወር ላይም ይኸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እቁቡ 12 ሰው ያለበት ወርሃዊ ከሆነ የሚወጣው 24,000 ብር ነው፤ እንደ አጋጣሚ ከሁለቱ ደመወዝ ጋር እኩል። ገቢ ላይ ከጻፉት ያን ወር ደመወዙ እጥፍ የሆነ ይመስላል። በሦስተኛው ወር ከወጣላቸው የከፈሉት 6,000 ብቻ ነው። የተቀረው 18,000 ገና ዘጠኝ ወር የሚከፈል እዳ ነው፤ ከቀጣዩ ወር ጀምሮም በየወሩ የሚጥሉት 2,000 ከቁጠባ ወጥቶ “እዳ ክፍያ” ወደሚል መስመር ይዛወራል።